ሐሙስ የኒውመሪካል ፋይናል አለን፤ ስሎፑ 2 መሆን ሲገባው 1.5 የሚሆነው ለምንድነው?

ሐሙስ_ፈተና (ሰኞ፣ ማታ 2:40)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ ጠዋት የኒውመሪካል ፋይናል አለን። ኢንስትራክተሩ ሦስት ነገር ይመጣል ብሏል፦ ኤረር ባውንድ ማስላት፣ የአንድን ዘዴ ኦርደር ማውጣት፣ ከዚያ የኮንቨርጀንስ ግራፍ አይቶ ምን እንደሆነ መናገር። ፎርሙላዎቹን ሸምድጃለሁ። ግራፍ ፊቴ ሲቀመጥ ግን አፌ ይያዛል።

አንድ ጓደኛዬ የሰጠችኝ የድሮ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ በትራፔዞይዳል ዘዴ የ e^x እና የ √x ኢንተግራልን ከ0 እስከ 1 አስሉ፤ የቁራጮቹን ብዛት n ን ከ1 ጀምራችሁ እጥፍ እያደረጋችሁ እስከ 8 ሂዱ፤ ስህተቱን በሎግ-ሎግ ስላችሁ የሁለቱን መስመሮች ስሎፕ አብራሩ። በካልኩሌተር ሠርቼው ስህተቶቹ እነዚህ ወጡ፦

```
n    e^x         √x
1    0.140859    0.166667
2    0.035649    0.063113
4    0.008940    0.023384
8    0.002237    0.008536
```

የ e^x ን አንዱን ስህተት ለቀጣዩ ሳካፍል 3.95፣ 3.99፣ 4.00 ይሰጠኛል። ደስ ይላል። የ √x ግን 2.64፣ 2.70፣ 2.74 ነው። ትራፔዞይዳል ኦርደሩ 2 አይደል እንዴ? የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

አራት_እጥፍ (ሰኞ፣ ማታ 3:05)

ትራፔዞይዳል ኦርደር 2 ነው፣ አለቀ። የአንዷን ቁራጭ ስፋት h ን ግማሽ ስታደርጊ ስህተቱ በ4 መካፈል አለበት። 4 ካልሰጠሽ ስሌትሽ ውስጥ ስህተት አለ፤ ካልኩሌተርሽን ፈትሺ።

ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። ባለፈው ሴሚስተር አሳይመንት ላይ የ e^x ን ኢንተግራል በፓይተን ሠርቼ ስሎፑ 1 ሆነብኝ። ሁለት ቀን ቲዎሪ ስፈልግ ከረምኩ። ጥፋቱ እዚህ ነበር፦

```python
x = np.linspace(0, 1, n)
h = 1/n
T = h*(f(x).sum() - (f(x[0]) + f(x[-1]))/2)
```

linspace የሚሰጥሽ n ነጥብ ነው፣ ማለትም n-1 ቁራጭ። h ግን n ቁራጭ እንዳለ ሆኖ ተሰልቷል። መልሱ ሁልጊዜ በ (n-1)/n ተባዝቶ ይወጣል። በ n=10 ስህተቱ 0.170፣ በ n=100 0.0172፣ በ n=1000 0.00172። በአሥር በአሥር እየቀነሰ ስለሚሄድ ግራፉ የሚያምር ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ የሌላ ዘዴ መስመር ነው እንጂ። n+1 ብዬ ሳስተካክለው 2 ሆነ።

ሐሙስ_ፈተና (ሰኞ፣ ማታ 3:30)

አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ በእጄ ነው የሠራሁት፤ ቁራጮቹንም ቆጥሬያለሁ። ደግሞ ስህተት ቢኖር e^x ም ላይ ይታይ ነበር። n=16 ጨምሬ ሞከርኩ፦ 0.003085። ሬሾው 2.77። ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል ግን 4 የሚደርስ አይመስለኝም።

የድሮ_ላብራቶሪ (ሰኞ፣ ማታ 4:50)

ልጄ፣ ቁጥሮችሽ ሁሉም ልክ ናቸው። የወንድማችን የ linspace ታሪክ እውነተኛ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ በዚያ ዓይነት ስህተት የመጣልኝን ወረቀት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ያንቺ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

የሸመደድሽውን ባውንድ አውጪውና ተመልከቺው፦

```
|E| ≤ (b-a)/12 · h² · max|f''|
```

ሰዉ ሁሉ h² ን አይቶ ያልፋል፤ ፈተና ላይ የሚጥለው max|f''| ነው። ለ e^x በ0 እና 1 መካከል ትልቁ f'' e ነው፣ ስለዚህ ባውንዱ ቁጥር አለው። የ √x ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ግን -1/4 · x^(-3/2) ነው። x ወደ 0 ሲጠጋ ወደ ኢንፊኒቲ ይሄዳል። ስለዚህ ቲዎረሙ እዚህ ላይ ምንም አልተናገረም። አይሠራም አላለም፣ በ4 ይካፈላል ብሎም ቃል አልገባም።

1.5 ከየት እንደመጣ ለማየት የመጀመሪያዋን ቁራጭ ብቻ ውሰጂ፣ ከ0 እስከ h። እውነተኛው ኢንተግራል 2/3 · h^1.5 ነው። ትራፔዞይዳል የሚሰጥሽ h/2 · √h ነው፣ ማለትም 1/2 · h^1.5። ልዩነታቸው 1/6 · h^1.5። በ h=1 ይህ 0.166667 ነው፤ የሠንጠረዥሽ የመጀመሪያ ረድፍ ራሱ። በ h=1/8 ደግሞ 0.00737 ይሆናል፤ ከጠቅላላው 0.008536 ውስጥ ማለት ነው። ስምንት ቁራጭ አለሽ፣ ከስህተቱ 86 በመቶ ያህሉን የተሸከመችው አንዷ ናት። እሷ ደግሞ የምትቀንሰው በ h² ሳይሆን በ h^1.5 ነው። h ግማሽ ሲሆን በ 2^1.5 ትካፈላለች፣ 2.83 አካባቢ። ሬሾሽ እየወጣ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ለምን በቀስታ ይወጣል ካልሽ፣ ጠቅላላው ስህተት በግምት 0.2079·h^1.5 - h²/24 ነው። ሁለተኛው ክፍል ተቃራኒ ምልክት ይዞ ከመጀመሪያው ላይ ይቀንሳል፤ h ሲያንስ ቶሎ ይጠፋል። n=16 አስገቢና ሞክሪው፣ 0.003085 ይሰጥሻል።

ፈተና ላይ እንዲህ ብትጽፊ ይበቃል፦ ስሎፑ ወደ 1.5 ይጠጋል፤ ምክንያቱም f'' በ x=0 አይገደብም፤ የስህተቱ አብዛኛው ክፍል ከመጀመሪያዋ ቁራጭ ይመጣል፣ እሷም h^1.5 ናት። ጊዜ ካለሽ መድኃኒቱን ጨምሪ። x = t² ብለሽ ብትቀይሪ ኢንተግራሉ የ 2t² ይሆናል፤ ያ ለስላሳ ነው። ስህተቱ በልክ h²/3 ይሆናል፣ በ n=4 0.02083፣ በ n=8 0.00521። ሬሾው 4 ተመለሰ።

ኒውተን_ወዳጅ (ሰኞ፣ ማታ 5:15)

እኔ ደግሞ ግራ ገባኝ። ኦርደር 2 ማለት በእያንዳንዱ ስቴፕ ትክክለኛ አሃዞች እጥፍ ይሆናሉ ማለት አልነበረም? √2 ን በኒውተን ከ1 ጀምሬ ስሠራ 1.5፣ 1.416667፣ 1.414216 ይመጣል። ስህተቱ 0.086፣ 0.0025፣ 0.0000021። ይሄ በ4 ከመካፈል በጣም ይፈጥናል። ታዲያ ትራፔዞይዳል እንዴት ኦርደር 2 ተባለ?

የድሮ_ላብራቶሪ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20)

ስሙ አንድ ሆኖ ነው እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንተ የምትለው የድግግሞሽ ዘዴ ፍጥነት ነው፦ የአሁኑ ስህተት ካለፈው ስህተት ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ትራፔዞይዳል ላይ h የምትባል ራስህ የምትመርጣት ስፋት አለች፤ ስህተቱ ከ h ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ኒውተን ውስጥ h የለም።

ግራፋቸውም አይመሳሰልም። የኒውተንን ስትስል በአግድሙ ዘንግ የድግግሞሽ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 ብለህ በተራ ስኬል ታስቀምጣለህ፤ ሎግ የሚሆነው የስህተቱ ዘንግ ብቻ ነው። መስመሩ ቀጥ አይልም፣ ወደ ታች እየታጠፈ ይወድቃል። እዚያ ላይ ማስመሪያ ይዞ ስሎፕ መለካት ትርጉም የለውም። ስለዚህ ግራፍ ሲሰጣችሁ መስመሩን ከማየታችሁ በፊት ዘንጎቹን አንብቡ። አግድሙ h ነው፣ n ነው፣ ወይስ ድግግሞሽ? n ከሆነ ያው ትራፔዞይዳል ስሎፑ -2 ይሆናል። «ስሎፑ ኔጌቲቭ ስለሆነ ዘዴው ይርቃል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነበረኝ፤ ስሌቱ ሁሉ ልክ ነበር።

ሐሙስ_ፈተና (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:00)

የመጀመሪያዋ ቁራጭ ነገር ገባኝ፤ ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ባውንዱ ላይ ልጠይቅ። «የ e^x ኢንተግራል ስህተቱ ከ 10^-4 እንዳይበልጥ n ስንት ይሁን?» የሚል ጥያቄ አለ። በባውንዱ e/(12n²) ≤ 10^-4፣ n ≥ 47.6፣ ስለዚህ 48። ከጓደኞቼ አንዷ ግን በኮምፒውተር ሞክራ 38 ይበቃል ትላለች።

አራት_እጥፍ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:25)

የ √x ን ተቀብያለሁ፣ f'' ን አላየሁም ነበር። በዚህኛው ግን 38 ነው መልሱ። ሠርቼ አየሁት፤ በ 37 ስህተቱ 0.0001046 ነው፣ በ 38 0.0000992። ትንሹ n ሲባል ትንሹ ነው።

የድሮ_ላብራቶሪ (ማክሰኞ፣ ቀን 6:10)

ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው፣ የመለሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ባውንዱ f'' በየቦታው ትልቁን ዋጋ፣ e ን፣ የያዘ አስመስሎ ነው የሚያሰላው። እውነቱ ግን f'' ከ1 ተነስቶ ወደ e ይወጣል፤ ስህተቱ የሚከተለው አማካዩን ነው፣ 1.718 ን። የ48 እና የ38 ልዩነት ያ ነው። 38 ን ለማግኘት ደግሞ ትክክለኛውን መልስ ቀድሞ ማወቅ አለብህ፤ መልሱን ካወቅህ ኢንተግራሉን ለምን ትሠራለህ?

«በባውንዱ ተጠቅማችሁ» ወይም «እንዲረጋገጥ» ካለ 48 ጻፊ። ጥያቄው ላይ ያ ቃል ከሌለ... እኔም ብሆን 48 ጽፌ በአንድ መስመር ምክንያቱን አስቀምጥ ነበር። አራሚው ምን እንደሚፈልግ ግን እኔ አላውቅለትም።

አራት_እጥፍ (ማክሰኞ፣ ቀን 6:30)

የእኛ ኢንስትራክተር 38 ለጻፈ ሙሉ ማርክ ሰጥቷል፤ ምስክር አለኝ።

መካኒካል_ነኝ (ማክሰኞ፣ ማታ 1:45)

ፈተና የለብኝም፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ላይ ተቀርቅሬ ነው። አንድ ታንክ ውስጥ ያለ የውሃ ከፍታን በ RK4 እየሠራሁ ነው። መግቢያው ቫልቭ በ t = 3.7 ሰከንድ በአንዴ ይዘጋል። RK4 ስሎፑ 4 መሆን አለበት፣ የእኔ 1 አካባቢ ነው፤ ያውም ነጥቦቹ መስመር ላይ አይቀመጡም፣ ይዘላሉ። ኮዱን ከሦስት ቦታ ካገኘሁት ጋር አስተያይቻለሁ፣ አንድ ነው። √x ላይ የተባለው ለኔም ይሠራል?

የድሮ_ላብራቶሪ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:10)

ዘመዱ ነው። RK4 ኦርደር 4 የሚሰጥህ የዲፈረንሻል ኢኩዌሽኑ ቀኝ ጎን ለስላሳ ከሆነ ነው። ያንተ በ 3.7 ላይ ይዘላል። ያችን ቅጽበት የያዘችው አንዲት ስቴፕ ውስጥ ከአራቱ ግምቶች ገሚሶቹ ቫልቩ ክፍት ሆኖ፣ ገሚሶቹ ተዘግቶ ይሰላሉ። የዚያች ስቴፕ ስህተት ከ h ጋር ይመጣጠናል፤ ሌሎቹ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ እሷን አይሸፍኗትም። ነጥቦቹ የሚዘሉት 3.7 በስቴፑ ውስጥ የምታርፍበት ቦታ h በተቀየረ ቁጥር ስለሚለያይ ነው።

h ን 0.1 አድርገህ ሞክር፤ 3.7 በስቴፕ ጫፍ ላይ ይወድቃል። ቀጥሎ 0.05፣ 0.025። አንድ ጥንቃቄ፦ ከ 3.6 ወደ 3.7 ስትሄድ የመጨረሻው ግምት የሚሰላው ልክ t = 3.7 ላይ ነው። እዚያ ላይ ቫልቩ ገና ክፍት ነው ብለህ ማስላት አለብህ፤ ከ 3.7 ተነስቶ የሚሄደው ስቴፕ ላይ ደግሞ ዝግ ነው። ኮድህ ውስጥ `if t < 3.7` ካለ ይህን አያደርግልህም።

መካኒካል_ነኝ (ማክሰኞ፣ ማታ 4:40)

በትክክል `if t < 3.7` ነው ያለኝ። ሁለት ቦታ ከፍዬ፣ እስከ 3.7 አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ጊዜ ላሂደው። መብራት ጠፍቷል፣ ነገ።

ሐሙስ_ፈተና (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:15)

የመጨረሻ ጥያቄዬ። አንድ ግራፍ አለ፣ የ V ቅርጽ ያለው። የ e^x ን ዴሪቬቲቭ በ x=0 በ (f(h)-f(0))/h ያሰላሉ፤ አግድሙ h ነው ከ 10^-16 እስከ 1። ከቀኝ ወደ ግራ ስንሄድ ስህተቱ በደንብ ይወርድና 10^-8 አካባቢ ተመልሶ ይወጣል። h ሲያንስ ስህተት ማነስ የለበትም?

የድሮ_ላብራቶሪ (ረቡዕ፣ ቀን 6:00)

የቀመሩ ስህተት ያንሳል፤ የማሽኑ ስህተት ግን ያድጋል። በቀኙ ክንፍ ላይ የምታይው የቀመሩ ነው፣ በግምት h/2። h=0.1 ላይ 0.0517፣ h=0.01 ላይ 0.00502። በአሥር ይካፈላል፣ ስሎፑ 1።

በግራው ክንፍ ማሽኑ ይገባል። በደብል ፕሪሲዥን f(h) ሲቀመጥ አንጻራዊ ስህተቱ እስከ 10^-16 ገደማ ነው። ከ f(0) ስትቀንሺው ያች ስህተት እንዳለች ትቀራለች፤ ከዚያ በ h ስታካፍዪ በ 1/h ትባዛለች። ስለዚህ በዚያ ክንፍ ስሎፑ -1 ነው፤ h ባነሰ ቁጥር ይወጣል። ጫፉን ተመልከቺ፦ h = 10^-16 ሲሆን e^h በማሽኑ ውስጥ ልክ 1 ሆኖ ይቀመጣል። 1 ሲቀነስ 1፣ ዜሮ። ዴሪቬቲቩ ዜሮ ወጣ፤ እውነቱ 1 ነው። ስህተቱ መቶ በመቶ።

ሁለቱ የሚገናኙት h/2 እና 10^-16/h ሲቀራረቡ ነው፤ h ወደ 10^-8 የሚመጣው ከዚያ ነው። በሁለቱ በኩል የምትወስጂበትን ቀመር፣ (f(h)-f(-h))/(2h) ን፣ ቢስሉልሽ ቀኙ ክንፍ ስሎፕ 2 ይሆናል፣ ግራው ግን ያው -1 ነው፤ የታችኛው ጫፍ ወደ 10^-5 አካባቢ ይመጣል። ሁለት V ጎን ለጎን ተስለው «የትኛው የትኛው ነው?» ካሉሽ ቀኙን ክንፍ ለኪ። ግራው አንድ ስለሆነ አይለያቸውም። ግራው ክንፍ ጥርስ ጥርስ የሚሠራውም ራውንዲንግ በ h ለስላሳ ስላልሆነ ነው፤ የህትመት ችግር አይደለም።

ነጥቦቹን ሁሉ ሰብስበሽ አንድ መስመር አታሳልፊባቸው። የቀኙንና የግራውን አንድ ላይ ፊት ካደረግሽ ምንም የማይነግር ቁጥር ይወጣልሻል።

አራት_እጥፍ (ረቡዕ፣ ማታ 1:30)

ጋሼ፣ ከ √x ጋር አልተፋታሁም። በሲምፕሰን ሞከርኩት፣ ኦርደር 4 ስለሆነ ቢያንስ ከ2 ያልፋል ብዬ። ስህተቱ በ n=2 0.028595፣ በ n=4 0.010140፣ በ n=8 0.003587። ሬሾው 2.82፣ 2.83። አሁንም 1.5! ያስገረመኝ ግን ትራፔዞይዳል ወደ 2.83 እየተንፏቀቀ ሲሄድ ሲምፕሰን ገና በመጀመሪያው እዚያ ደረሰ።

የድሮ_ላብራቶሪ (ረቡዕ፣ ማታ 2:15)

ጥሩ ዓይን ነው። ሲምፕሰን ከሁለት ትራፔዞይዳል የሚሠራ ነው፣ (4·T_2n - T_n)/3። ይህ ድምር h² ን ጨርሶ እንዲያጠፋ የተሠራ ነው። ሰኞ ማታ የጻፍኩትን አስታውስ፦ 0.2079·h^1.5 - h²/24። ሁለተኛው ጠፋ፣ ሬሾውን ሲያዘገይ የነበረው እሱ ነበር። h^1.5 ን ግን አያጠፋውም፣ ወደ 0.39 እጥፍ ብቻ ያሳንሰዋል። 1.5 ን ለማጥፋት ከፈለግህ በ4 እና በ3 ፈንታ በ 2^1.5 እና በ 2^1.5 - 1 አጣምር።

ሐሙስ_ፈተና (ረቡዕ፣ ማታ 2:40)

ይሄኛው ነገ እንዳይመጣ እጸልያለሁ 😅 መብራት ሳይጠፋ V ን አንድ ጊዜ በእጄ ልሣለው።

መካኒካል_ነኝ (ረቡዕ፣ ማታ 4:05)

ለሁለት ከፍዬ አሄድኩት። ስሎፑ ከ1 ወጥቶ 3.9 ሆነ። ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ነጥቦች 10^-7 አካባቢ ጠፍጣፋ ሆነው ቀሩ፤ h ን ባሳንሰውም አይወርዱም። ይሄ ደግሞ ምንድነው?

የድሮ_ላብራቶሪ (ረቡዕ፣ ማታ 4:20)

የምታወዳድርበት «ትክክለኛ» መልስ ከየት መጣ? ስንት አሃዝ አለው? ደግሞ አሬዎችህ float32 እንዳይሆኑ `print(y.dtype)` አድርግና ለጥፍልኝ።